ባላቸውን በስም ያስጠራኋቸው ቀን

ደብረ ታቦር ገበያው ዳር ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ዓረብኛ እተረጉማለሁ። ንግግሩን ዓረብ አገር ሰው ቤት ስሠራ ለመድኩት፤ ማንበቡን ግን ከልጅነቴ ቁርኣን ቤት ይዤዋለሁ። ሰው የወረቀቱን ፎቶ በስልክ ይልክልኛል፣ እኔ እየተረጎምኩ ስሙን በዓረብኛ ፊደል አሰፍራለሁ። ግዕዙ ፈትሓ የሚባለው ምልክት ይሆናል፣ ካዕቡ ዋው፣ ሣልሱ ያ፣ ራብዑ አሊፍ። ሳድስ አናባቢው ከተሰማ ከስራ፣ ካልተሰማ ሱኩን፤ የሚጠብቅ ፊደል ላይ ሸዳ። ዓረብኛ «ገ» ስለሌለው እኔ ሁልጊዜ ጋይን በሚባለው ፊደል እጽፈዋለሁ። አንዴ የያዝኩትን መንገድ አልለቅም። የአንድ ሰው ስም በሁለት ወረቀት ላይ ከተለያየ፣ ማዶ ላሉት ሁለት ሰው ነው።

ይህን ሕግ የማያውቅ ሰው ነው እኒያን እናት ከጉና ሥር ድረስ ያመላለሳቸው። ልጃቸው ዓረብ አገር ታማ ሆስፒታል ተኝታለች። አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ ይዣት ልምጣ ብትል፣ ሆስፒታሉ «የእናቷን ውክልናና የዝምድና ማስረጃ አምጪ» አላት። እናትየው ወረቀቱን አንድ ጽሕፈት ቤት አስተረጎሙ። እዚያ ያለው ጎረምሳ ፎቶውን ለስልኩ መተርጎሚያ እየሰጠ፣ የወጣለትን እየገለበጠ፣ የልጅቷን አባት ስም በአንዱ ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት አድርጎ ሰጣቸው። ሆስፒታሉም አባቷ ማን እንደሆነ አልታወቀም ብሎ መለሰው። የታመመች ልጅ ተይዛ እሱ ስልኩን ይነካካል! ንዴቴ ዛሬም አልበረደም።

እኔ ጋ ሲመጡ የያዙት የማስረጃውን ፎቶ ብቻ ነበር፤ ዋናው አዲስ አበባ፣ ልጅቷን ዓረብ አገር የላካት ደላላ እጅ ቀርቷል። የቀበሌው ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ማኅተሙን የአባትየው ስም ላይ አሳርፎታል። የፊደሎቹ አናት ይታያል፤ እግራቸውን ማኅተሙ በልቶታል። ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ራብዕ አይለይም። ቢታይ እንኳ መጥበቁንና መላላቱን የእኛ ፊደል አይናገርም። መጠየቅ ነበረብኝ።

«እማማ፣ የባለቤትዎ ስም ማን ነው?»

«የልጄ አባት ነዋ።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ስማቸውን ነው የምልዎት።»

«እዚያ ተጽፎ የለም?»

«አይታይም እኮ።»

አቀረቀሩ። በእሳቸው ቀዬ፣ በእሳቸው ዕድሜ፣ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። ሌላ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቅኳቸው። ወንድሞቹ አልቀዋል፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀው በፈረስ ስሙ ነው አሉኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሰውየው ስም የቀረው እሳቸው ውስጥ ብቻ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ አያወጡትም።

«ለልጅዎ ሲሉ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ቀስ ብለው ጠሩት። ደግመው እንዲጠሩት ለመንኩ፣ ጠሩት። ሦስት ፊደል ነው፤ ሦስቱም ግዕዝ፣ መካከለኛው የሚጠብቅ። ሦስት ፈትሓ፣ አንድ ሸዳ። ሙሉ ወረቀቱን በዚያው ልክ ሠራሁላቸው፤ ውብ ሥራ ነበር።

ላትም ስል ጓደኛዋ የልጅቱን ኢቃማ ፎቶ ላከችልኝ። ደላላው «ጠፍቷል» ብሎ የቆየው የመኖሪያ ፈቃድ መሆኑ ነው! የአባትየው ስም እዚያ ላይ በዓረብኛ ሰፍሯል፤ ሰጪው መሥሪያ ቤት ከፓስፖርቱ የእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጦት፣ የእኛን ግዕዝ ሁሉ ሣልስ አድርጎ፣ ሦስት «ያ» ደርድሮበታል። «ገ» እንደ «ጀ» የሚነበበው ጂም ሆኗል። ሸዳ የሚባል የለም። የሚያነበው ሰው ሌላ ሰው ይጠራል።

ምን አማራጭ አለኝ? ሆስፒታሉ የሚያመሳክረው ከዚያ ካርድ ጋር ነው። ትክክለኛውን ብጽፍ ልጅቱ እዚያው ትቀራለች። እያረርኩ የሠራሁትን አጠፋሁና ስሙ ባለበት ቦታ ሁሉ የእነሱን ስሕተት፣ ፊደል ሳላዛንፍ ገለበጥኩ። በዚያው ወረቀት ልጅቱ ኋላ አገሯ ገብታለች፤ ሰውም እጅሽ ይባረክ ብሎኛል። ያን ዕለት ግን እናትየው አታሚው ሲያቆም ጠብቀው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«የነገርኩሽን ጻፍሽው?»

መዋሸት አልሆነልኝም። «አልጻፍኩትም እማማ። እነሱ በሌላ አጻጻፍ ይዘውታል። እሱን ካልተከተልኩ ልጅዎን አይለቁልዎትም።»

ወረቀቱን ትንሽ አዩት። ማንበብ አይችሉም።

«ይሁን፣ ልጄ ትምጣልኝ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እኔን ታዲያ ምነው አስጠራሽኝ? ሬሳው ላይ ሳለቅስ እንኳ አልጠራሁት።»