ያልተመዘነው ምስክር

በስዊድን፣ በኡፕላንድስ ቬስቢ ከተማ ብቻዬን በኖርኩባቸው ዓመታት እሑድን አልወድም ነበር። በሌሎቹ ቀናት በኮምቩክስ፣ በአዋቂዎች ትምህርት ቤት፣ ታሪክ ስለማስተምር ቢያንስ ሰላም የሚለኝ ሰው አላጣም። እሑድ ግን ስልኬ እንኳ አይጮኽም። ትዳሬ ፈርሷል፣ ልጄም ስትደውልልኝ የምታወራኝ በስዊድንኛ ነው። በአማርኛ ወግ የሚደርሰኝ ከአንዲት ተማሪዬ ብቻ ነበር።

ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሄሰልቢ በሚባል ሰፈር በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ ለነርስነት ትምህርት ልታመለክት ነው። ለዚያ ደግሞ በታሪክ ቬጌ፣ ማለትም ከማለፊያው ከፍ ያለ ውጤት፣ ያስፈልጋታል። ከክፍል በኋላ ከኔ ጋር እስከ ባቡር ጣቢያው ትሄዳለች፤ «ጋሼ» እያለች ስለ አዲስ አበባ ታወራኛለች። እነዚያን አሥር ደቂቃዎች ሳምንቱን ሙሉ እጠብቃቸው ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

የፈተና ሥራዋ በደርግ ዘመን ስለ አንድ የአዲስ አበባ ቀበሌ ነበር። አንድ እሑድ ቀትር ላይ ሃያ ሦስት ምንጭ የያዘ የስዊድንኛ ድርሰቷን ከፊቴ ዘረጋሁ። የመንግሥት ጋዜጣ አለ፣ ደብዳቤ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሰበሰበችው ቃል አለ። የሚገርም ትጋት ነው። ችግሩ ሁሉንም በአንድ ልክ ማመኗ ነው። ጋዜጣው «ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው» ይላል፤ ማን አሳተመው፣ ለምን ብላ አትጠይቅም። ሁለት ሰዎች ከአንድ ጎረቤት የሰሙትን እንደ ሁለት ማስረጃ ቆጥራዋለች። ታላቅ ሰው ከተናገረ አይጠረጠርም ብላ ነው፤ እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉን።

ሰባተኛው ገጽ ላይ ደነገጥኩ። ሶለንቱና የሚኖሩ አንድ እናት «ወጣቶቹን ከየቤቱ ለቀሟቸው፣ ልጄንም ከደጃፌ ወሰዱት» ብለዋል። ከሥሩ ደግሞ «በዚያው ቀበሌ የነበሩ አንድ መምህር ሰፈሩ ሰላም እንደ ነበር አስረድተዋል» ይላል።

መምህሩ እኔ ነኝ። መስከረም ላይ ወደ ጣቢያው ስንሄድ ጠይቃኝ፣ እንዲህ ብዬ አለፍኩት። ያኔ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት የሚታሰሩትን ስም ዝርዝር የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

ከራስ በላይ ነፋስ አልኩና መጀመሪያ ቬጌ ልስጣት ብዬ አሰብኩ። እሷ ትደሰታለች፣ እኔም አልነካም። ውጤቱን በእርሳስ ጻፍኩት፤ ከዚያ የእኒያን እናት ቃል እንደገና ሳነብ ላጲስ ፈለግሁ። በምትኩ «ማለፊያ» ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ ከክፍል በኋላ ወረቀቷን ይዛ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ ሃያ ሦስት ምንጭ አምጥቼ ማለፊያ ብቻ?»

«ቆጠርሻቸው እንጂ አልመዘንሻቸውም። ሼልክሪቲክ፣ ምንጭን መመርመር፣ የምንለው እኮ እሱ ነው፤ ማን አየ፣ ማን ከማን ሰማ፣ የሚደብቀው ነገር ያለው ማን ነው ማለት ነው።»

«ታዲያ ማንን ልጠርጥር? ሁሉም እኮ የተከበሩ ሰዎች ናቸው።»

«ገጽ ሰባት ላይ ያለውን መምህር።»

ሳቀች። «እርስዎን?»

«እኔን። ዋሽቼሻለሁ። እናትየው ያዩትን ነው የተናገሩት፤ እኔ ደግሞ የሚታሰሩትን ስም ዝርዝር የምጽፈው ነበርኩ።»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ዳኛም ምስክርም ልሆን አልችልም» አልኳት። «አሻሽለሽ አምጪው። የሥራ ባልደረባዬም ያነበዋል፤ ለሱም እነግረዋለሁ።»

ባልደረባዬ ስዊድናዊ ነው። ስነግረው፣ እሱም አብሮ እንደሚያነበው ነገረኝ።

በሁለት ሳምንት አመጣችው። ገጽ ሰባት ላይ አንድ አዲስ አንቀጽ ነበር፦ «ይህ ምስክር የቀበሌው ጸሐፊ ነበር። ቦታው ላይ ስለነበረ ለጉዳዩ በጣም ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የራሱን ድርሻ የመደበቅ ምክንያት ስላለው፣ ሰፈሩ ሰላም ነበር ማለቱን አልቀበልም። በዚህ ጉዳይ የእናትየው ቃል ይበልጣል።» ጋዜጣውንም እንዲሁ መዝናው ነበር፤ ከአንድ ጎረቤት የወጡትን ሁለት ቃሎችም አንድ አድርጋቸዋለች። ባልደረባዬ ቬጌ አለ፣ እኔም ፈረምኩ።

ስለ እኔ በሕይወቴ ከተጻፈው ሁሉ ትክክለኛው እሱ አንቀጽ ነው።

ወረቀቷን ስመልስላት በስዊድንኛ አመሰገነችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ኮቷን እስክትለብስ ጠበቅሁ። ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር እያወራች ወደ ጣቢያው ወረደች፣ እኔም ለቀጣዩ ባቡር ቆየሁ።