ከሦስት ሳምንት አንድ ሰኞ

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ዲላ ውስጥ በአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን ናሙና መርማሪ ነበርኩ። ከየጆንያው እፍኝ ዘግኜ ጥቁርና የተበሳ ፍሬ አለመኖሩን ካላየሁ ቡናው አይጫንም ነበር።

አንገቴ ላይ ያበጠው ዕጢ ነቀርሳ መሆኑን የአዲስ አበባ ሐኪም ነገረኝ። መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ ሰኞ፣ ደሜ ከተመረመረ በኋላ፣ በደም ሥሬ ይሰጣል፤ ስድስት ጊዜ። መዝለል አይቻልም።

የዚህን በሽታ ስም ማንም አይጠራም ነበርና ለአሠሪዬ «የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ» ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ።

«በቡና ወቅት? ሌላ ሥራ አግኝተህ ከሆነ ንገረኝ!» ብለው ከለከሉኝ።

በማግስቱ ስድስቱን ሰኞዎች በወረቀት ጽፌ ከሐኪሙ ማስረጃ ጋር ፊታቸው ዘረጋሁና የበሽታውን ስም ጠራሁት።

«ጋሼ፣ እሑድ ሄጄ ማክሰኞ እመለሳለሁ። ረቡዕ ሥራ እገባለሁ። እስከዚያ ናሙናውን እትዬ ያዩልኛል።»

እትዬ ያልኳቸው እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጠው መጥፎውን ፍሬ ከሚለቅሙት ሴቶች አንጋፋዋን ነበር።

«ሴት ናሙና ልታይ?» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ የሚሸጡትን ማን የለቀመው መሰለዎት?» አሉ እትዬ፣ ከሰፌዳቸው ቀና ሳይሉ።

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ጋሼም ሳቁና ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በምስማር መቱት።

ከስድስተኛው ሰኞ ስመለስ ፀጉሬ አልቆ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር፤ ዕጢው ግን ጠፍቷል። የመጨረሻውን ሰኞ እኔው እንድሰርዝ ጋሼ እርሳስ ሰጡኝ።

እትዬ ደግሞ ያሳለፉትን ቡና ዘረጉልኝ። «እስቲ ፈትሸው!»

አንድ ጥቁር ፍሬ ለማግኘት ብዙ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም።