ሁለት የፈቃድ መልእክቶች

እናቴ ጨንቻ ግቢዋ ውስጥ ወድቃ ዳሌዋን የተሰበረች ጊዜ፣ እኔ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የውኃ ፕሮጀክት ቢሮ እሠራ ነበር። ወንድሜ በማለዳ ደውሎ መኪና ተከራይተው ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሊያወርዷት መሆኑን ነገረኝ። ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኋቸው ለቡድን መሪዬ በስልኬ ጻፍኩላት፤

«እማዬ ወድቃለች። ሆስፒታል ነኝ። ዛሬ አልገባም።»

መልሷ ወዲያው መጣ። «እኔ አለሁ፣ አታስቢ። ደርሳለች?»

አራት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ስለሠራን ሰላምታም ምክንያትም አልፈለገችም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ስለሚያስፈልጋት ሐዋሳ ትሂድ አለ። በዚያው ሳምንት ግን ዋና ዳይሬክተራችን ከአዲስ አበባ መጥተው የእኔን የመስክ ሥራ ሊያዩ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ለመቅረት የእሳቸው ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ብቻ በስብሰባ ላይ አይቻቸው ስለማውቅ፣ እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ረጅም ኢሜይል ጻፍኩ። «በገጠመኝ አስቸኳይ የቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት» ብዬ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሁ። የእናቴን ስብራት ለማንሳት አፈርኩ።

የመለሱልኝ አጭር ነበር። «ጉዳዩ አልተገለጸም። ለምን ያህል ቀን ነው? ጉብኝቱን ማን ይመራል?»

ተቆጥተዋል ብዬ ደነገጥኩ። ለቡድን መሪዬ ኢሜይሌንና መልሳቸውን ላክሁላት። እሷ ግን ደወለች።

«አልተቆጡም፤ አልገባቸውም» አለችኝ። «እኔ እናትሽን አውቃታለሁ፣ እሳቸው አያውቋትም። ለእኔ ሳትጽፊ የተውሽውን ለእሳቸው መጻፍ አለብሽ። ጉብኝቱን እኔ እመራዋለሁ፣ እሱንም ንገሪያቸው።»

እንደገና ጻፍኩ። «ለተከበሩ ዋና ዳይሬክተር። እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ለቀዶ ሕክምና ወደ ሐዋሳ እንድትሄድ ታዟል፤ አስታማሚዋ እኔ ነኝ። ከነገ ጀምሮ እስከ ዓርብ ፈቃድ እንዲሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጉብኝቱን የቡድን መሪዬ ትመራለች፤ ሰነዶቹንም ዛሬ አስረክባታለሁ። ከአክብሮት ጋር።» ከሥር ሙሉ ስሜንና የሥራ መደቤን አስቀመጥኩ።

ሳይመሽ መለሱ። ፈቃዱ ተሰጥቶሻል፣ እስከ ዓርብ ካልበቃሽ አሳውቂ የሚል ነበር። ከዚያ አንድ መስመር ዘለው «እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ» ብለው ነበር።

በማግሥቱ በአምቡላንስ ሄድን። ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። እስከ ዓርብ ስላልበቃኝ በመጨረሻው ቀን ለሁለቱም ጻፍኩ፤ ለዳይሬክተሩ ምክንያቱንና የምመለስበትን ቀን፣ ለቡድን መሪዬ ግን «ዛሬ በራሷ እጅ በላች» ብቻ። ወደ ሥራ ስመለስ የቡድን መሪዬ ጠረጴዛዬ ላይ የጉብኝቱን ማስታወሻ አስቀምጣልኝ ነበር። እናቴ በምርኩዝ መራመድ ጀመረች፤ ጨንቻ ግን ብቻዋን እንድትኖር አልፈቀድንላትም።