ከ9፡00 እስከ 12፡00

ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎችን ሒሳብ አያያዝ አስተምራለሁ። የዚያ ሴሚስተር የመጨረሻ ፈተና ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ነበር። የተፈታኞችን መመሪያ ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ። አዘጋጀሁ ማለት ያው የኮሌጁን የፈተና ቢሮ የእንግሊዝኛ ቅጽ ሞልቼ አባዛሁት።

ቅጹ ምንም የጎደለው አይመስልም። ተፈታኝ ከሃያ ደቂቃ በፊት ይገኝ፤ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ የዘገየ አይገባም፤ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ማንም አይወጣም። ጥቁር ወይም ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ፕሮግራም የማይጫንበት ካልኩሌተር፣ መታወቂያ። ካልኩሌተር መዋዋስ ክልክል ነው። ሞባይል ይዞ መግባት አይቻልም። ከላይ ደግሞ በደማቁ፦ 9:00–12:00።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፈተናው ሲጀመር አንድ ወንበር ባዶ ነበር። መጋላ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላት ተማሪዬ ወንበር ነው። ዕድሜዋ አርባን ያለፈ፣ ልብስ የምትሸጥ፣ ከክፍሉ ሁሉ በላይ የምትጠይቅ ሴት። አማርኛዋ ሶማሊኛ ጣል ጣል ያለበት ሲሆን ቁጥር ላይ ግን ማንም አይደርስባትም። የክፍል ተጠሪው ከመግባቱ በፊት ደጋግሞ ደውሎላት ነበር፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሦስት ተኩል ሲሆን በሩን ዘጋሁና ከስሟ ትይዩ «አልተገኘችም» ብዬ ፈረምኩ። ተናድጄባት ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ለፍታ እንዴት የፈተና ቀን ትቀራለች?

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳርም በሩ ተንኳኳ። ስምንት ሰዓት ከአርባ ነው። እሷ ናት። በሚያሳይ ፕላስቲክ ከረጢት ሁለት ጥቁር እስክሪብቶ፣ ካልኩሌተርና መታወቂያ ይዛለች። ሻሿን ላብ አርሶታል።

«መምህር፣ ክፍሉ ተቆልፏል። ሌላ ክፍል ቀየራችሁ እንዴ?»

«ፈተናው እኮ አለቀ። ጠዋት ነበር።»

የምቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈውን መመሪያ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ይኸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። እስከ አሥራ ሁለት። ሦስት ሰዓት ሙሉ። አንተ አይደለህ የሰጠኸን?»

ወረቀቱን አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው ብል ይቀለኛል። ቅጹ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጽፈው፤ እሷ ያነበበችው በኛው ሰዓት ነው። በሁለቱም አቆጣጠር የፈተናው ርዝመት ልክ ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ እንድትጠራጠር የሚያደርጋት ነገር አልነበረም።

«ሌሎቹ እኮ ገብቷቸው…» ብዬ ጀመርኩ።

«እነሱ በቴሌግራም ተጠያይቀው ነው። እኔ ለማጥናት ብዬ ከትናንት ጀምሮ ስልኬን ዘግቻለሁ። ዛሬም ክልክል ነው ስላልክ ስልኩን ሱቅ፣ እህቴ ጋ ትቼው መጣሁ። ወላሂ፣ ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ!»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ። ወረቀቱን አየት አደረገና መለሰልኝ።

«ሌሎቹ በሙሉ በሰዓቱ ተገኝተዋል። ችግሩ የወረቀቱ ቢሆን ሁሉም ይሳሳት ነበር።»

«ስህተቱ የኔ ነው እያልኩህ እኮ ነው።»

«እንደሱ ከሆነ በጽሑፍ አቅርብ፤ ኮሚቴ ያየዋል።»

ጻፍኩ። ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ሁለት ጊዜ ተበተነ። በሦስተኛው፣ ሕመም ወይም ሐዘን ስላልሆነ ማስረጃ ይቅረብ አሉኝ። የምን ማስረጃ? መመሪያውን ራሱን፣ ከፊርማዬ ጋር፣ አያይዤ መለስኩ። እሷ በየሁለት ቀኑ በባጃጅ ትመጣለች፤ እኔም በየሁለት ቀኑ «ገና ነው» እላታለሁ። አንድ ቀን ላለማግኘት ብዬ በጓሮ በር ወጣሁ። እስካሁን አፍርበታለሁ።

በመጨረሻ ተፈቀደ። አዲስ ጥያቄ አወጣሁና ብቻዋን ባዶ ክፍል ውስጥ ፈተንኳት፤ ወበቁ አያድርስ ነው፣ መብራትም ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ሦስቱን ሰዓት እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ተጠቀመችበት። ስትጨርስ ወረቀቱን አስረክባኝ፣ «ቅርም አላለኝ መምህር፤ ግን በዚያ ቀን በደንብ ነበር የያዝኩት» አለችኝ። ቢ አመጣች። ኤ የምታመጣ ተማሪ ነበረች።

ለቀጣዩ ፈተና መመሪያውን በአማርኛ ጻፍኩት፤ «ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 6፡00»። የፈተና ቢሮው ከጸደቀው ቅጽ ውጭ ነው ብሎ መለሰልኝ። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን አባዛሁና ምሳዬን ትቼ ከቁጥሩ ጎን በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብዬ በእጄ ስጽፍ ዋልኩ።