አንደኛ ወጥቶ የሚደግመው ልጅ

ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ ሳስተምር የክፍሌን ሮስተር በኮምፒውተር እሠራለሁ ብዬ ፎከርኩ። ዕድሜ ልካቸውን ሮስተር በእጃቸው የሠሩት የሪከርድ ክፍሉ አዛውንት ካልኩሌተራቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። የማጠቃለያ ፈተናውን ሃምሳ፣ ቴስቱን ሠላሳ፣ የቤት ሥራውን ሃያ በመቶ አስይዤ አማካዩን አወጣሁ። ከሃምሳ በታች ላመጣ «ይደግማል» እንዲል አደረግኩ። የደረጃውን ቀመር የመጀመሪያው ተማሪ ላይ ጽፌ ለሌሎቹም እንዲሠራ እስከ ታች ሳብኩት።

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንተ፣ አንደኛ የወጣ ልጅ ይደግማል እንዴ?»

እውነትም ከስም ዝርዝሩ መጨረሻ ያለው ልጅ ፊት «1» እና «ይደግማል» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል!

በግኜ ቀመሩን ከፈትኩት። ለካ ወደ ታች ስስበው የሚወዳደሩት ተማሪዎች ዝርዝርም አብሮ እየወረደ፣ የመጨረሻው ልጅ የተወዳደረው ከራሱ ጋር ብቻ ነው። ዝርዝሩን አብሮ እንዳይወርድ ቀመሩ ውስጥ በዶላር ምልክት ቆልፌ እንደገና ሳብኩት። ልጁ ስልሳኛ ሆነ።

እሳቸው ግን ምን ሲደረግ ያምኑኛል! ስልሳውንም በካልኩሌተር አንድ በአንድ መረመሩ። አንዲት ተማሪ ላይ ተለያየን። ደጋግመው አሰሉ፤ በመጨረሻ የእኔው ቁጥር ወጣላቸው። ካልኩሌተሩን ኪሳቸው ከተቱና፣ «በል፣ የሌሎቹንም ክፍሎች ቆልፍልኝ» አሉኝ።