ለሁለት የተካፈለ ኪኒን

ባለቤቴን ሳል የያዛት ማሽላ ሲታጨድ ነበር። የከሚሴው ክሊኒክ ድሬሰር አክታዋን ደሴ ልኮ አስመረመረና የሳንባ ነቀርሳ ነው አለን። ለወራት መርፌ ወጋት፤ ኪኒኑ ግን ዓመት ከመንፈቅ ይዋጣል ተባለ። ድሬሰሩ ቤታችን ድረስም መጣ።

«ይኼ ቤት ነው ጎተራ? ንፋስ የሚባል አያውቀውም እኮ!» ብሎ መስኮት አስቀደደኝ።

ከዚያ ወዲያ በረንዳው ላይ ባለው መደብ ተኛች። ስታስል አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትይዛለች፤ አክታዋን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ትተፋለች፤ እኔ አቃጥለዋለሁ። እያደር ጉንጯ ሞላ፣ ሳሉም ተዋት።

ኪኒኑ ሊያልቅላት ሲቃረብ ድሬሰሩ ከክሊኒኩ ደጅ ዛፍ ሥር አስቀመጠን።

«ስትጨርሺ ድኛለሁ ብለሽ እንዳትጠፊ። ሳሉ ቢመለስ፣ ሌት ላብ ቢያጠምቅሽ፣ ብትከሺ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ። ከቤት የሚያስል ካለም አምጪልኝ።»

«እህቴም እኮ ተሽሏታል፣ አልሃምዱሊላህ!» አለች።

«የቷ እህትሽ?»

«ታናሼ፣ አብራን ያለችው። ክረምት ላይ ማሳል ስትጀምር ቆሪቻውን፣ ይኼን ኪኒን፣ እኩል ተካፈልን።» ፈገግ አለች። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ፣ ሐኪም?»

ለእኔም ያን ቀን መስማቴ ነው። ድሬሰሩ ራሱን ነቀነቀ።

«እቴ፣ እንጀራ መሰለሽ? ግማሽ መድኃኒት በሽታውን አይገድለውም። ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል።»

«ታዲያ እሷ እያሳለች በጉሮሮዬ እንዴት ይውረድ?»

የሁለቱም አክታ ደሴ ሄደ፤ ሁለቱም ላይ በሽታው አለ ተባለ። ለእህቷ የራሷ መድኃኒት ተሰጣት። ድሬሰሩ፣ «እንሞክር እንጂ፣ ይሠራላት እንደሁ እንጃ» አለ። ለባለቤቴም መርፌው እንደገና ተጀመረ፤ ግን በሽታው ለምዶት ኖሮ እምቢ አለ። ሳሉ ተመለሰ፤ ደምም ተከተለው። ሌላ መድኃኒት የለም ወይ ብዬ ድሬሰሩን ብለምነው «ያለው ይኼው ነው» አለኝ።

ከዚህም ብሶ እህቷ ኪኒኗን አልውጥም አለች።

«የአንቺን ዕድሜ ነው የበላሁት» እያለች ታለቅሳለች።

ባለቤቴ ከመደቡ ላይ ሆና በደከመ ድምጿ ትቆጣታለች፦ «ወላሂ፣ ሳትውጪ ውኃ አልቀምስም! ነይ፣ ከወዲያ ቁሚና ዋጪ። አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አንሺ። ሌባ፣ ደብቀሽ እንዳይሆን!»

በየማለዳው እንዲህ ነበር። ልጅቷ ትውጥና አፏን ከፍታ ታሳያታለች።

ማሽላው ሲያሸት ባለቤቴን ቀበርናት።

እህቷ መዋጡን አልተወችም። በየማለዳው ከቤት እየወጣች ኪኒኑን እዚያው በረንዳ ላይ ትውጣለች። ድሬሰሩ ዳንሽ ብሎ የሰጣትን የመጨረሻ ኪኒን ቤት ይዛ ስትመጣ እኔ ደጅ ቆሜ ነበር። ዋጠችና፣ ባዶው መደብ ፊት ቆማ፣ አፏን ከፈተች፤ ምላሷንም አነሳች።