ልታስቀምጠኝ ነው

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ስድሳ አምስት አልፏቸዋል። ባለፈው ክረምት የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አዳልጧቸው ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ገጠመ፤ ሐኪሙ ግን «አጥንትዎ ሳስቷል» ብሎ ንፋስ መውጫ ከተማ ወዳለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላካቸው። በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ።

ባለሙያዋ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አባቴን ወንበር ላይ አስቀመጠችና «በእጅዎ ሳይደገፉ ቀስ ብለው ይነሱ፤ ደግሞ ቀስ ብለው ይቀመጡ» አለቻቸው። ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሳት፣ እዚያው በአንድ እግር መቆም፣ ውሃ የተሞላ የላስቲክ ጠርሙስ ማንሳትም አሳየቻቸው። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ቀን እየዘለሉ።

ስንመለስ አባቴ «መቀመጥ ነው የምታስተምረኝ» አሉ። «ማን ነግሯት ይሆን?»

ማንን እንደጠረጠሩ አውቄያለሁ። ከወደቁ ወዲህ፣ በማኅሌት ጎናቸው የሚቆሙት ሌላው መሪጌታ በርጩማ እየገፉ «አረፍ ይበሉ» ማለት አብዝተዋል። አንዴ የተቀመጠ ወደ ዘማሪዎቹ ሰልፍ አይመለስም። አባቴ ደግሞ ለዓመቱ ንግሥ ቆመው ሊያሸበሽቡ ቆርጠዋል።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብን ራሳቸው መረጡ። ሰኞ ደህና ነበሩ። ረቡዕ ከወንበሩ ሲነሱ ዓይናቸው ጨለመባቸውና ደግፌ ያዝኳቸው። ዓርብም እንዲሁ።

«አላልኩህም? ጉልበቴን ልትጨርስ ነው!»

እኔም ልጅቷን ጠረጠርኳት፤ እንቅስቃሴዎቹን ከስልክ ላይ የለቀመችው መሰለኝ። የሚቀጥለው ሰኞ ሲመጣ ግን እንደገና ምንም አልሆኑም። ረቡዕ ጠዋት ሊጀምሩ ሲሉ አስቆምኳቸው።

«አባባ፣ ምን ቀምሰዋል?»

«ረቡዕ አይደል እንዴ! ጾም ነው፤ እንኳን እህል ውሃ አልቀመስኩም።»

ተመልሰን ሄድን። ባለሙያዋ ደም ግፊታቸውን ተቀምጠውም ቆመውም ለካችና ደህና ነው አለች። «በባዶ ሆድ፣ ውሃም ሳይጠጡ አይሥሩ። ጾመኛ መሆንዎን ለምን አልነገሩኝም?»

«ልታስፈቺኝ ነዋ!»

«ጾምዎን አልነካም፣ አባቴ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ያድርጉት፤ ቁርስ በልተው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ማታ ከበሉ በኋላ። ሸክም የለመደ እግርና አጥንት ነው ቆሞ የሚያቆይዎ።»

ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ማክሰኞ ግን ወንበሩን ግድግዳው ሥር ራሳቸው አደረጉት። ወራት ሲያልፉ ወገባቸውን ሳይዙ መነሳት ጀመሩ፤ እኔ ሳያቸው ግን ልምምዱን ያቆማሉ።

በንግሡ ማኅሌቱ እስኪያልቅ ከሰልፉ አልወጡም። ስንወጣ እኚያ መሪጌታ የአባቴን ክንድ ያዙ።

«ምን ሰጥተውዎት ነው? መድኃኒት ነው ጸበል?»

«ምንም» አሉ አባቴ።

ቤት ስንደርስ ለምን እንዳልነገሯቸው ጠየቅሁ።

«የሳቸውም ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ አላየህም? ለከርሞ በርጩማውን የምገፋው እኔ ነኝ» አሉና በሩን ዘጉ።